2.51912E+11 ምን ዓይነት ስልክ ቁጥር ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«የማኅበራችንን ቡና አምራቾች ስልክ ኤክሴል ላይ እየመዘገብኩ ነው። በ251 ጀምሬ ስጽፍ ሁሉም 2.51912E+11 ይሆንብኛል። ቁጥሩ ጠፋ ማለት ነው?» (ከዘጌ)

አልጠፋም፣ አይዞዎት። ሴሉን አንዴ ይጫኑና ከላይ ያለውን የፎርሙላ ሳጥን ይመልከቱ። 251912345678 ብለው ጽፈው ከነበረ 12ቱም አሃዝ እዚያ ቁጭ ብሎ ያገኙታል። ሴሉ ላይ የሚያዩት አሳጥሮ የሚያሳየውን ብቻ ነው። E+11 ማለት «ነጥቡን 11 ቦታ ወደ ቀኝ ውሰደው» ማለት ነው።

ኤክሴል General በሚባለው አቀማመጥ እስከ 11 አሃዝ ያለውን ቁጥር እንዳለ ያሳያል። 12 ሲሞላ ወደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ይዞራል። በ251 የሚጀምር ስልክ ልክ 12 ስለሆነ ነው ጣጣው የመጣው። በ09 ቢጽፉት E አይመጣም፣ ግን ፊት ያለችው ዜሮ ትሄዳለች።

መመለሻው ቀላል ነው። ዓምዱን ሙሉ ይምረጡ፣ `Ctrl+1` ይጫኑ፣ `Number` ይምረጡና `Decimal places` የሚለውን 0 ያድርጉት። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። አስቀድሞ የገባን ቁጥር ወደ `Text` ቢቀይሩት E+11 ሳይነቃነቅ ይቀራል። ቁጥሩን እውነተኛ ጽሑፍ ማድረግ ከፈለጉ በጎን ባለ ባዶ ዓምድ ይህን ይጻፉ፦

```
=TEXT(A2,"0")
```

«ያንኑ ዓይነት ዝርዝር CSV አድርጌ አስቀመጥኩና ለአባላቱ አጭር መልእክት ለሚልክልን ልጅ ሰጠሁት። ግማሹ ሰው አልደረሰውም። ፋይሉን መልሼ ስከፍተው ስልኮቹ በስድስት ዜሮ ያልቃሉ።» (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

ይኼኛው ግን የምር ጠፍቷል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ኤክሴል በራሱ ፋይል (`.xlsx`) ሲያስቀምጥ ውስጥ ያለውን ሙሉ ቁጥር ይይዛል። CSV ሲያደርጉት ግን የሚጽፈው ሴሉ ላይ የሚታየውን ነው። ሴሉ ላይ 2.51912E+11 ከነበረ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው። መልሰው ሲከፍቱት ኤክሴል ይህን ያነብና 251912000000 ያደርገዋል። የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች ከየት ይምጡ? ፋይሉ ውስጥ የሉም።

አንድ ምልክት ልንገርዎ። በ251912 የሚጀምሩ ብዙ ሰዎች ካሉዎት ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይመጣሉ። አንዳንዱ ደግሞ ስለሚጠጋጋ ወደ 251913000000 ይዘላል። ዝርዝርዎ ላይ ድንገት ብዙ ተመሳሳይ ስልክ ካዩ ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ CSVውን በኤክሴል አይክፈቱት፤ በ`Notepad` ይክፈቱት። `Notepad` ያለውን ነው የሚያሳየው።

የመጀመሪያው `.xlsx` ካለዎት ከእሱ ተነስተው ዓምዱን ከላይ እንደተባለው በ0 ዴሲማል ያስተካክሉ፤ ሙሉ አሃዙ መታየቱን በዓይንዎ ካዩ በኋላ እንደገና CSV ያድርጉት። ከሌለዎት ከወረቀት መዝገቡ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም። ሌላ ሰው የላከልዎትን CSV ደግሞ ደብል ክሊክ አድርገው ከመክፈት ይልቅ `Data` ውስጥ `From Text/CSV` በሚለው ያስገቡት፣ ከዚያ `Do not detect data types` ይምረጡ። ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ስለሚገባ E የሚባል ነገር አይመጣም፣ የ09 ዜሮም አትጠፋም።

«በፋይዳ ካርድ ላይ ያለውን 16 አሃዝ ቁጥር ስጽፍ በNumber አስተካክዬውም የመጨረሻው አሃዝ ሁሌ ዜሮ ነው።» (ከባሕር ዳር)

ኤክሴል ከአንድ ቁጥር ላይ የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። 1234567890123456 ብለው ሲጽፉ 1234567890123450 አድርጎ ያስቀምጠዋል። 16ኛው አሃዝ ኢንተር በመቱባት ቅጽበት ስለተጣለ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ አይመልሰውም። መጀመሪያ ባዶውን ዓምድ `Text` ያድርጉ፣ ከዚያ ይጻፉ። አንድ ሁለት ቁጥር ብቻ ከሆነ ከፊቱ ነጠላ ጭረት (') ማስቀደም ይበቃል።

በእኔ እምነት ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከመጀመሪያውኑ እንደ ጽሑፍ መግባት አለባቸው። ማንም አይደምራቸውም፣ አያባዛቸውም። ሳይንሳዊ አጻጻፍ የተሠራው ለሚለካ ነገር ነው። የሚለካው ሲሆን እንዴት እንደሚያምርበት ቀጣዩ ጥያቄ ያሳየናል።

«የጣናን ውኃ መጠን በካልኩሌተር ስናሰላ መጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ይሰጠንና ድንገት ወደ ×10 ይቀየራል። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ መልሱ 20589 ነው ይላል። የቱ ነው ልክ?» (ከፔዳ ግቢ)

እስኪ አብረን እንሥራው። የሐይቁ ስፋት በግምት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 10⁶ ካሬ ሜትር ስለሆነ 3×10⁹ ካሬ ሜትር ይሆናል። ካልኩሌተርህ እዚህ ላይ 3000000000 ብሎ ዘርዝሮ ያሳይሃል። አማካይ ጥልቀቱን 9 ሜትር ብለህ ስታባዛው ግን 2.7×10¹⁰ ይላል። የተለመዱት የካሲዮ ሳይንሳዊ ካልኩሌተሮች 10¹⁰ ላይ ሲደርሱ አጻጻፍ ስለሚቀይሩ ነው፤ ስሌቱ ላይ ምንም አልተበላሸም። `ENG` የሚለውን ስትጫን 27×10⁹ ይሆንልሃል። 10⁹ ቢሊዮን ስለሆነ ወዲያው 27 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለህ ታነበዋለህ።

ጓደኛህ 2.7E+10 የሚል ነገር አይቶ 2.7^10 ብሎ ያስገባው ይመስለኛል። እሱ 2.7ን አሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፣ ውጤቱም 20589 ገደማ ነው። ያን ያህል ሜትር ኩብ የጥቂት መዋኛ ገንዳዎች ውኃ እንጂ ጣና አይደለም። ካልኩሌተሩ ላይ `×10ˣ` የሚለውን ቁልፍ፣ ኤክሴል ላይ ደግሞ 2.7E10 ተጠቀሙ።

ሪፖርት ላይ የትኛውን ልጻፍ ካልክ 2.7×10¹⁰ን እመርጣለሁ። የታወቁት አሃዞች ሁለት ብቻ መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል። 27,000,000,000 ብለህ ስትደረድረው አንባቢው እያንዳንዱ ዜሮ የተለካ ሊመስለው ይችላል። ስፋቱም ጥልቀቱም እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ያ ልክ አይሆንም።

«1÷200 ስል 5×10⁻³ ይለኛል። 0.005 እንዲል ምን ላድርግ?» (ከባሕር ዳር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

ካልኩሌተርሽ Norm 1 በሚባለው የቁጥር ማሳያ ላይ ስለሆነ ነው፤ ከ0.01 በታች ያለውን ሁሉ ወደ ×10 አጻጻፍ ይቀይራል። ES በሚባሉት ካሲዮዎች `SHIFT`፣ `MODE`፣ `8`፣ ከዚያ `2` ተጫኚ። Norm 2 ይሆንልሻል፣ 0.005ም ይመጣል።

«ከሐይቁ ዳርቻ በወሰድነው ናሙና ውስጥ ያለውን የአልጌ መርዝ በግራም በሊትር አስገብተን ሠንጠረዡ ሁሉ 0.00 ሆነ። መርዝ የለም ማለት ነው?» (የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

የለም ብለሽ እንዳትጽፊ! ዓምዱ ሁለት ዴሲማል እንዲያሳይ ስለተደረገ 0.0000004 የሚለውን 0.00 አድርጎ ደበቀው። `Ctrl+Shift+6` ስትጫኚ 4.00E-07 ብሎ ይወጣል። E-07 ነጥቡ ሰባት ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል ማለት ነው፣ ከነጥቡ በኋላ ስድስት ዜሮ ይኖራል።

ከዚህ የሚሻለው ግን መለኪያውን መቀየር ነው። 4×10⁻⁷ ግራም 0.4 ማይክሮግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማይክሮሲስቲን-ኤልአር ለተባለው መርዝ በመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ሠንጠረዡን በማይክሮግራም ብታደርጊው 0.4ን ከ1 ጋር ማንም ያወዳድራል፤ E-07ን ከE-06 ጋር ለማወዳደር ግን ብዙ ሰው ይቸገራል። የዓምዱን ርዕስ ላይ አሃዱን መቀየርሽን አትርሺ፤ ቁጥሩ ተቀይሮ ርዕሱ ግራም ብሎ ከቀረ ስህተቱ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል።