60 ኩንታል እርጥብ ቡና እና አንድ አሳይመንት

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የኅብረት ሥራ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥነ ምግባር አሳይመንታችን እንዲህ ይላል፦ አጋሮ አካባቢ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር የጥራት ተቆጣጣሪ 60 ኩንታል የተቀሸረ ቡና ለክቶ እርጥበቱን 13.6 በመቶ ያገኘዋል። ውሉ የሚፈቅደው እስከ 12 ነው። መኪናው ነገ ጠዋት ይነሳል። ሥራ አስኪያጁ ‹11.8 ብለህ ጻፍ፤ ካልሄደ ገበሬው ገንዘቡን አያገኝም› ይለዋል። እኔ ‹መዋሸት ነውር ነው፣ አይጻፍ› ብዬ ሁለት ገጽ ሞላሁ። መምህሩ ‹አስተያየት ነው እንጂ ትንተና አይደለም› ብለው መለሱልኝ። ምን ጎደለኝ?»

የጎደለሽ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ፍርዱን አቆዪውና አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈይ፤ በአንዱ የተረጋገጠውን፣ በሁለተኛው ሰው ያለውን፣ በሦስተኛው ገና ያልታወቀውን ጻፊ። «ውሉ 12 ይላል» የመጀመሪያው ነው። «ገበሬው ገንዘቡን አያገኝም» ግን የሥራ አስኪያጁ ቃል ነው። ጭራሽ ነው የማያገኘው ወይስ ለሦስት ቀን? ይህን ካልለየሽ ሐሳብሽ ሁሉ የሚቆመው በሰውየው ማስፈራሪያ ላይ ነው።

13.6 ራሱም ይመርመር። ናሙናው ከስንት ጆንያ ተወሰደ? ከአንዱ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ የሚናገረው ስለዚያ ጆንያ እንጂ ስለ 60 ኩንታሉ አይደለም።

ቀጥሎ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስዪው። 6,000 ኪሎ ቡና 13.6 በመቶው ውሃ ከሆነ ውሃው 816 ኪሎ፣ ደረቁ 5,184 ኪሎ ነው። ያው ደረቅ ቡና እርጥበቱ 12 ሲሆን የሚመዝነው 5,891 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ገዢው 109 ኪሎ ያህል ውሃ በቡና ዋጋ ሊከፍል ነው። እርጥብ ቡና በመንገድና በመጋዘን ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታው አንዳንዱ ደግሞ ቆልተሽም ሙሉ በሙሉ የማይጠፋ መርዝ ይተዋል። አሁን «ውሸት ነውር ነው» ያልሽው ነገር ማንን በምን ያህል እንደሚጎዳ ማሳየት ትችያለሽ።

ባለድርሻዎቹን ስትጽፊ ስም መደርደር ነጥብ አያስገኝም። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የሚያጣውን ነገርና መጠየቅ የሚችለውን መብት አስፍሪ። ገበሬው፣ ተቆጣጣሪው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ገዢውና ጠጪው ለማንም ይታያሉ። ተማሪ ሁሉ የሚዘላቸው ቡናቸውን በደንብ አድርቀው ያስረከቡትን ገበሬዎች ነው። ጭነቱ ቢመለስ የጎረቤታቸውን እርጥብ ቡና ዕዳ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። እኔ ብሆን የትንተናውን ግማሽ እዚህ ላይ አውለው ነበር።

ከዚያ አጣብቂኙን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ፦ «ተቆጣጣሪው ለገዢው እውነተኛ ቁጥር የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ገንዘባቸውን ለሚጠብቁ ገበሬዎችም ግዴታ አለበት።» በሁለቱም ወገን የሚከበር ነገር ሊኖር ይገባል። በአንዱ ወገን ያለው «ከሥራ እንዳልባረር» ብቻ ከሆነ ፈተና እንጂ አጣብቂኝ አይባልም።

አማራጮቹን ሁለት ብቻ አታድርጊ። 11.8 መጻፍ አለ፤ ጭነቱን ማስቆም አለ። ዛሬ ማታ ለገዢው ደውሎ ትክክለኛውን ቁጥር መንገርና የውሃውን ክብደት ከሂሳቡ መቀነስ ወይም የሁለት ቀን ቀጠሮ መጠየቅም አለ። ጆንያዎቹን ለየብቻ ለክቶ የደረቀውን ነገ መላክና እርጥቡን ማድረቂያ አልጋ ላይ መልሶ ማስጣትም አለ። ይህኛው ገደብ አለው፤ ዝናብ ከመጣ አይሆንም፣ የተቀሸረ ቡናም ፀሐይ ላይ ሲበዛበት ቀለሙ ይነጣል። ገደቡን ራስሽ ጻፊው፣ መምህሩ ሳይጠይቁሽ።

እያንዳንዱን አማራጭ በሦስት ጥያቄ ፈትኚ፦ ውጤቱ ምንድን ነው? የትኛውን ግዴታ ያከብራል ወይም ይጥሳል? ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል? ሦስቱ ሲስማሙ በአንድ መስመር እለፊ፤ ሲጋጩ ቆም በይ። ለምሳሌ ጭነቱን በሙሉ ማስቆም ግዴታን ያከብራል፤ ሸክሙን ግን ቡናውን በደንብ ባደረቀው ገበሬ ላይ ይጥላል። ለይቶ መላክ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ ውሸት ብቻ ብታወሪ ማስቆሙም በበቃ ነበር።

መደምደሚያሽ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምርጫሽን፣ ምክንያቱን፣ ከተቃራኒ ወገን ከባዱን ክርክር ከነመልሱ። በዚህ ኬዝ ከባዱ «0.2 ወይም 0.3 ቢሆን ማን ይጎዳል?» የሚለው አይደለም፤ ልዩነቱ 1.6 ነውና። ከባዱ «ገዢው ሲሰማ ውሉን ቢሰርዝስ?» የሚለው ነው። እሱን ሸሽተሽ ቀላሉን ከመለስሽ ያስታውቃል። በመጨረሻ ፍርድሽን የሚለውጠው ምን እንደሆነ ጨምሪ፤ ለምሳሌ ጆንያዎቹ ሁሉ ተለክተው 13.6 ቢሆኑ ለይቶ መላክ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ወደ ስልኩ ትመለሻለሽ።

ረቂቁን ከማስረከብሽ በፊት ይዘሽልኝ ነዪ። መጀመሪያ የማየው ያቺን ለሦስት የተከፈለች ወረቀት ነው።