የልደት መልእክቴን ከመላኬ በፊት እንዴት እንደማየው

«ነገ አክስቴ 60 ዓመት ይሞላታል። መልእክት ጽፌ ሦስቴ አጠፋሁት፤ ሁሌ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ከመላኬ በፊት ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?»

እኔንም ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ስለዚህ ነገሩ በደንብ ይገባኛል። ባለፈው ዓመት ለልደቷ የጻፍኩት የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸውልሽ፦

«ውድ አክስቴ፣ እንኳን ለልደትሽ በሰላም አደረሰሽ። አንቺ ለሁላችንም ብርሃን ነሽ። ፍቅርሽ ወሰን የለውም። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ስላልደወልኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።»

ክፉ አይደለም። ግን እኔ መጀመሪያ የማደርገው ስሙን መለወጥ ነው። «አክስቴ» የሚለውን አውጥቼ «ጓደኛዬ» ብዬ አስገባሁ። ምንም ሳይደናቀፍ ሄደ። «ጎረቤቴ» ብልም ይሄዳል። እንግዲህ መልእክቱ የእሷ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙገሳ በመጨመር ነው፤ «ደግ»፣ «ሩኅሩኅ»፣ «የልብ ሰው» እያልሽ ብትደረድሪ ያው ነው፣ አሁንም ለማንም ይሆናል። የሚሠራው በዓይንሽ ያየሽው አንድ ነገር ነው። ዕቃ፣ ቦታ ወይም እሷ የምትለው ቃል ያለበት። እኔ «ፍቅርሽ ወሰን የለውም» የሚለውን ሰረዝኩና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰሞን መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዝ ለኩሳ እስክጨርስ አጠገቤ የምትቀመጠውን ጻፍኩ። አንድ ትዝታ ይበቃል። ሦስት ሲሆን የሕይወት ታሪክ ይመስላል። ደግሞ ትዝታው የችግር ጊዜን ወይም የቤት ጉዳይን የሚያነሳ ከሆነ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትለጥፊው፣ ለብቻዋ ላኪላት።

ቀጥሎ ሙቀቱን አያለሁ። በእኛ ቋንቋ ሙቀት የሚገባው በትልልቅ ቃላት ሳይሆን በምርቃቱ ጭራ ነው። «ዕድሜ ይስጥሽ» ማንም ለማንም ይላል። «ዕድሜሽን ያርዝምልኝ»፣ «ኑሪልኝ» ስትዪ ግን ለእኔም ታስፈልጊኛለሽ ማለትሽ ነው። ያቺ «ልኝ» ትንሽ ናት፣ ግን ትሰማለች። ከዚያ ስለ ራሴ የጻፍኩትን እፈልጋለሁ። ያ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ፤ በልደቷ ቀን «ኧረ ምንም አይደል ልጄ» እያለች እኔን እንድታጽናና ነበር የሚያደርጋት። አወጣሁት፣ በማግስቱ ደወልኩ።

አነጋገሩ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በአፍሽ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት? አንቺ የምትያት ከሆነ «እርስዎ» ብለሽ ስትጽፊ ይርቃታል፣ ተቀይማኛለች እንዴ ያሰኛታል። አንቱ የምትያት ከሆነ ደግሞ ልደት ስለሆነ ብለሽ አንቺ አትበያት። ከሁሉ የሚብሰው መቀላቀሉ ነው፦ «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ ጀምሮ «ኑሪልኝ» ብሎ መጨረስ። እኔ አንድ ጊዜ ለወንድሜ የጻፍኩትን ቀድቼ ለሥራ ባልደረባዬ ላክሁላት፤ አራቱን «ህ» ወደ «ሽ» ቀይሬ አንዷ «ያሰብከው ይሙላልህ» ቀርታ ነበር። የተቀዳ መሆኑን አወቀች። አልተናገረችም፣ ግን መልሷ «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ግስ መጨረሻውን እያየሁ ነው የማነበው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ስታነቢው አፍሽ የማይለው ቃል ካጋጠመሽ፣ ለምሳሌ በሕይወትሽ «ውድ» ብለሽ ጠርተሻት የማታውቂ ከሆነ፣ እሱንም አውጪው።

ርዝመቱ ቀላል ነው። ስልክሽን ወደ ላይ ሳትገፊ ሙሉው ከታየ ልክ ነው፤ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ገደማ። ከዚያ በላይ የምትነግሪያት ካለሽ በድምፅ ቀድተሽ ላኪላት፣ በተለይ መነጽር ፈልጋ የምታነብ ከሆነ።

በመጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

«እትዬ፣ እንኳን ተወለድሽልኝ! ዛሬ ማታ መብራት ሲጠፋ ያ ኩራዝሽ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ቀድመሽኝ ተኝተሽ አታውቂም። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ኑሪልኝ።»

መብራቱ እውነትም የዚያን ዕለት ማታ ጠፍቶ ነበር። ባይጠፋ ያቺን ዓረፍተ ነገር አልጽፋትም ነበር፤ አንቺም ለማሳመር ብለሽ ያልሆነ ነገር አትጨምሪ፣ አብራሽ ስለነበረች ታውቀዋለች።