የሻንጣው ካሳ ትልቅ የሆነውን ልግዛ?

«ሁለት የጉዞ ኢንሹራንስ ቀርቦልኛል፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ ለጠፋ ሻንጣ 3,000 ዶላር፣ ሌላው 1,000 ይከፍላል። አብራኝ የምትጓዘው እናቴ የደም ግፊት አለባት። የትኛው ይሻላል?»

በሻንጣው ቁጥር አይወስኑ። ከ3,000ው ሥር «ለአንድ ዕቃ እስከ 250» የሚል መስመር ሊኖር ይችላል። የ900 ዶላር ላፕቶፕ ቢጠፋና ከዚያው 250 ላይ በራስዎ የሚሸፈነው 100 ቢቀነስ፣ እጅዎ የሚገባው 150 ነው። ያውም ላፕቶፑ ጨርሶ ካልተገለለ! ሻንጣው ካልመጣ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ከአየር መንገዱ የጽሑፍ ሪፖርት ይቀበሉ፤ ያለሱ ካሳ መጠየቅ ይከብዳል።

ዋናው ጉዳይ የእናትዎ ግፊት ነው። «የማይሸፈኑ» በሚለው ክፍል «ቀድሞ የነበረ ሕመም» የተተረጎመበትን ቦታ ያንብቡ። ብዙ ፖሊሲዎች ሕመሙ ከግዢው በፊት ባሉት የተወሰኑ ወራት «የተረጋጋ» እንዲሆን ይጠይቃሉ። የመድኃኒት መጠን መጨመር ብቻውን እንዳልተረጋጋ ሊያስቆጥረው ይችላል። ያኔ በጉዞ ላይ በግፊት ሳቢያ ስትሮክ ቢያጋጥማቸው የሆስፒታሉም ሆነ ወደ አገር የመመለሻው ወጪ የእናንተ ይሆናል። ይኸው ገደብ ስረዛውንም ይነካል፤ ከጉዞው በፊት በግፊቱ ቢታመሙና ቢቀሩ የትኬቱ ገንዘብ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ሕመሙንና መድኃኒቱን አሳውቀው እንደሚሸፈን በጽሑፍ ማረጋገጫ የሚሰጥዎትን ይግዙ፤ የሻንጣው ካሳ 1,000 ቢሆንም። የስልክ ቃል አይበቃም። ስረዛን የሚሸፍነውም ከተገዛ በኋላ ለሚፈጠርና በዝርዝሩ ለተጠቀሰ ምክንያት ነውና፣ ትኬቱን እንደቆረጡ ይግዙት።