«አይተኛ» ወይስ «አይተኛም»? ዕብራይስጥ ለምትማሩ ልጆቼ

ሰሞኑን አንዲት የነገረ መለኮት ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። «መምህር፣ መዝሙር 121 ቁጥር 3 ላይ ጠባቂህ አይተኛም ብለን እናነባለን። ዕብራይስጡ ግን ምኞት ነው ይላሉ። እንዴት ነው ነገሩ?» ሳነበው የድሮ መምህሬ ትዝ አሉኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጡም።

ግእዝ የጠገቡ አዛውንት ነበሩ። ጠመኔው ሁልጊዜ እጀ ጠባባቸው ላይ ይራገፋል። ዕብራይስጥ ሲያስተምሩን መጀመሪያ ሁለት የግእዝ ቃላት ይጽፋሉ፤ «ይነግር» እና «ይንግር»። አንዱ ይነግራል፣ ሌላው ይንገር ማለት ነው። «ዕብራይስጥም ጥንት እንዲህ ሁለት መልክ ነበረው» ይሉናል። ረጅሙ ለሚሆነው ነገር፣ አጭሩ ለምኞትና ለትእዛዝ። ግእዝ ልዩነቱን በቃሉ መካከል ስለያዘው አልጠፋበትም። የዕብራይስጡ ልዩነት ግን መጨረሻ ላይ ባለች አጭር አናባቢ ነበር። እሷ ስትወድቅ አብዛኞቹ ግሶች በሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኑ።

አንድ ቀን ዘኍልቁ 6ን አስከፈቱን፤ የካህናቱን ቡራኬ። ቁጥር 24 «የቫሬኽኻ» ብሎ ይጀምራል። «ይባርክህ ነው ወይስ ይባርክሃል?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቃሉን ብቻ አይቶ መመለስ አይቻልም፤ መልኩ ለሁለቱም ይሆናልና። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ቁጥር 25 አወረዱ። እዚያ «ያኤር» ይላል፤ ፊቱን ያብራ። ተራ የወደፊት ቢሆን «ያኢር» ይሆን ነበር። ቁጥር 26 ላይም «ያሴም» እንጂ «ያሲም» አይልም። እነዚህ ሁለቱ አጭሩን መልክ ይዘው ከቀሩት ጥቂት የግስ ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ ለጎረቤቶቻቸው ይመሰክራሉ፤ ቡራኬው በሙሉ ምኞት ነው፣ ይባርክህ።

ከዚያ ቁጥር 27ን አስነበቡን፤ «ቫአኒ አቫራኼም»። መልኩ አሁንም አይለይም። ግን «አኒ»፣ እኔ የሚለው ቃል፣ ከግሱ ቀድሟል። የምኞት ግስ አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ይጀምራል። እዚህ ስላልጀመረ እባርካቸዋለሁ ብለን እናነባለን። ካህኑ ይመኛል፣ እግዚአብሔር እንደሚያደርገው ይናገራል።

ያን ጊዜ እኛ የምንጓጓው ለውጭ አገር የሰዋስው መጽሐፍ ነበር። የመምህራችንን የግእዝ መንገድ ማንም በደብተሩ አልያዘውም። እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። መዝሙር 121፥3 «አል ያኑም» ይላል። ቁጥር 4 ደግሞ «ሎ ያኑም» ይላል። ግሱ ያው ነው፤ የተለየው አፍራሹ ነው። «ሎ» ተራውን መግለጫ ያፈርሳል፣ «አል» ደግሞ ምኞትንና ትእዛዝን። አማርኛችን ይህን በአንዲት «ም» ይለያል። ጠባቂህ አይተኛ፤ እነሆ፣ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም። አንዱ ለመንገደኛው ይመኝለታል፣ ቀጥሎ መልስ ይመጣል። በግጥም ውስጥ «አል» አንዳንዴ የጸና መግለጫ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው ግን እኔ ምኞቱን እመርጣለሁ።

የዛሬ ልጆች ስልኩ ላይ ቃሉን ነካ አድርጋችሁ «ጀሲቭ»፣ የምኞት መልክ፣ የሚል ስታገኙ ታልፉታላችሁ። ያ መለያ ብዙ ጊዜ የአዘጋጁ ፍርድ ነው፤ በቃሉ ላይ የተጻፈ ምልክት አይደለም። የግስ ሠንጠረዥ ላይ አትሙቱ ልል ነበር። ግን «ያኤር»ን ከ«ያኢር» የሚለይ ሰው ሠንጠረዡን በቃሉ ያጠና ነው፤ ስለዚህ አጥኑት።

ምኞቱ ስለ ራስ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ኣ» ይጨመራል። ዘፍጥረት 50፥5 ላይ ዮሴፍ በቤተ መንግሥቱ ሰዎች በኩል ፈርዖንን ይለምናል፤ «ኤኤሌ ና ቬኤቅቤራ ... ቬኣሹቫ»። እባክህ ልውጣ፣ አባቴን ልቅበር፣ ልመለስም። የመጀመሪያው ግስ በተፈጥሮው ያን «ኣ» አይቀበልም። ስለዚህ ልመናውን «ና» የምትለው ቃል ታሳያለች፣ ሁለቱ ግሶችም ያረጋግጣሉ። እወጣለሁ፣ እቀብራለሁ ብለን ብንተረጉመው ዮሴፍ ንጉሡን ሳያስፈቅድ የሚሄድ ይመስላል።

ልጅቷ ስለ መዝሙር 121 ቁጥር 7ም ጠይቃኛለች። «ዪሽሞርኻ» ይጠብቅህ ነው ወይስ ይጠብቅሃል? እዚያ አፍራሽ የለም፣ አጭር መልክም የለም፣ ከግሱ በፊትም ባለቤቱ ቆሟል። ቁጥር 5 እግዚአብሔር ጠባቂህ ነው ብሎ ስላለፈ፣ እኔ ይጠብቅሃል ብዬ አነበዋለሁ። ይጠብቅህ የሚል ተማሪ ቢመጣ ግን ምክንያቱን ሳልሰማ ቀይ አላሰምርበትም።