የቪፒኤን ኮድ አልቀበልም ሲልሽ መጀመሪያ ሰዓትሽን እዪ

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ሆኜ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ከቤት ነው የምሠራው። ቪፒኤኑ ፓስወርዴን ከተቀበለ በኋላ ኮድ ይጠይቀኛል። ስልኬ ላይ ያለውን ሳስገባ ስህተት ይላል። በቤት ኮምፒውተሬ ስሞክር ደግሞ ሰርተፊኬት የለም ይለኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኮድ የሚያወጣውን አፕ እንዳታጠፊው። የፈለገ ሰው ቢልሽ እንዳታጠፊው።

1. የስልክሽን ሰዓት እዪ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 3:00 ነው የሚልሽ ወይስ 9:00? 3:00 ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ብዙዎቻችን ስልኩን በእጃችን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰን በሀበሻ ሰዓት እንጠቀማለን። ለቀጠሮ ደስ ይላል፣ ለኮድ ግን ገደል ነው።

ምክንያቱም አፑ ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር አይነጋገርም። ኢንተርኔት ባይኖርም ኮድ ያወጣል። ኮዱን የሚሠራው መጀመሪያ ኪውአሩን ስታነሺ ስልክሽ ውስጥ ከተቀመጠው ምስጢርና ከስልኩ ሰዓት ነው። ሰርቨሩም በበኩሉ ያንኑ ስሌት በራሱ ሰዓት ይሠራል። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። አንድ ኮድ ቢያልፍሽ ሰርቨሩ ይታገስሻል። ስድስት ሰዓት ግን 720 ኮድ ነው፣ ማን ይታገስሻል?

ስለዚህ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲሞላ አድርጊ። የሀበሻ ሰዓት ካልሆነ አልወድም ካልሽ፣ እኔ የማደርገውን አድርጊ፦ ሰዓቱ በራሱ ይሞላ፣ የሰዓት ቀጠናውን ብቻ በእጅሽ ቦነስ አይረስ አድርጊው። ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ስልክሽ የሀበሻ ሰዓት ያሳይሻል። አፑ የሚያየው ግን ከቀጠናው ሥር ያለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ ኮዱ ትክክል ይወጣል። ቢሮ ውስጥ አርጀንቲናዊው ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

2. ኮዱን ደጋግመሽ አትሞክሪ። አካውንትሽ ይቆለፋል፣ ከዚያ እጅሽ ዋናው ቢሮ አይቲ ክፍል ላይ ይወድቃል። የእኔ ወድቆ ነበር። ስደውል አንዱ ልጅ ገና ሳልጨርስ «አፑን አጥፋና ድጋሚ ጫነው» ብሎ ዘጋው። አጠፋሁት። ድጋሚ ስጭነው ባዶ! ያ ምስጢር አብሮ ሄዷል። መልሼ ብደውል «መታወቂያህን ይዘህ በአካል ና»። ከጠባሴ ተነስቼ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደረስኩ። ያው ልጅ ቀና እንኳን ሳይል «ማን አጥፋ አለህ?» አይለኝም! አዲስ ኪውአር አነሳሁ፣ ኮዱ አሁንም ስህተት። ለካ ሰዓቱን ማንም አላየውም። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ስልኬን ተቀብላ «ይሄ ሰዓት ምንድነው?» አለች። አስተካከለችው፣ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ዛሬ የእኛ ቅርንጫፍ ሰው አይቲ ጋ ከመደወሉ በፊት እኔ ጋ ነው የሚደውለው።

3. የሰርተፊኬቱም ነገር ብዙ ጊዜ ከዚሁ አይርቅም። የቤት ኮምፒውተርሽ ያረጀ ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን እዪ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ (ብዙ ጊዜ CR2032) ካለቀች ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰርተፊኬትሽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው ኮምፒውተሩ «ይሄ ገና አልተወለደም» ብሎ ይዘለዋል። መልእክቱም No valid certificates ዓይነት ይሆናል። valid የምትለዋን ልብ በዪ። ሰርተፊኬቱ ኖሮም እንዲህ ሊልሽ ይችላል።

ለማየት የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ certmgr.msc ጻፊ። Personal ከዚያ Certificates ውስጥ በስምሽ ያለውን ክፈቺ። ቀኖቹን ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር አስተያዪ። ከታች You have a private key የሚል መስመር ከሌለ የተሰጠሽ ግማሹ ነው ማለት ነው። .cer ፋይል ብቻ አይበቃም፣ ፓስወርድ ያለውን .pfx ጠይቂ። የራስሽን ደግሞ፣ የጓደኛሽን ጭነሽ ብትገቢ መዝገቡ ላይ የገባችው እሷ ናት።

ሳትጠይቂ ስልክሽ ላይ «ልግባ ወይ?» የሚል ከመጣ እምቢ በዪና ፓስወርድሽን ቀይሪ፣ ሌላ ሰው ይዞታል።

ቀንና ሰዓት ተስተካክሎም እምቢ ካለ፣ የስህተቱን መልእክት ፎቶ አንስተሽ ከሞከርሽበት ሰዓት ጋር ለአይቲ በኢሜይል ላኪ፣ ኮዱ ግን ፎቶው ላይ አይታይ። በስልክ አትከራከሪ፣ ይዘጉብሻል። አፑን አጥፊው ካሉሽ ደግሞ ሳትነኪው በፊት፣ ሳትመጪ ከርቀት እንደገና ሊያስመዘግቡሽ እንደሚችሉ በጽሑፍ አስመልሺያቸው።