«ከ… በስተቀር» የምትለዋን አትነኳት

ጥያቄ፦ የኩባንያችን ቦርድ ጸሐፊ ነኝ። የውጭ ኦዲተሩ «ኳሊፋይድ» አስተያየት ሰጥቷል፤ ምክንያቱ የዕቃ ቆጠራው ላይ አለመገኘቱ ነው። ለቦርዱ በአማርኛ ሳዘጋጅ «ብቁ አስተያየት» ብዬ ጻፍኩት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ከ… በስተቀር» የሚለውን አለሳልሰው አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ሁለቱም። «ብቁ» የሚለውን አሁኑኑ አውጣው፤ ትርጉሙን ገልብጦታል። ኳሊፋይድ ማለት ኦዲተሩ አንድ ነጥብ ነጥሎ አስተያየቱን በእሱ ገደበ ማለት ነው። ንጹሁ፣ ማለትም ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት፣ አንኳሊፋይድ የሚባለው ነው።

አንቀጹን እኔ ብሆን እንዲህ እመልሰው ነበር፦ «በእኛ አስተያየት፣ ለተገደበ አስተያየታችን መነሻ በሆነው ክፍል የተገለጸው ጉዳይ ሊያስከትል ከሚችለው ውጤት በስተቀር፣ የሂሳብ መግለጫዎቹ የኩባንያውን የፋይናንስ አቋም በሁሉም ጉልህ ጉዳዮች በአግባቡ ያሳያሉ።» «ሊያስከትል ከሚችለው» የሚለውን ልብ በል። ኦዲተሩ ቆጠራው ላይ ስላልነበረ ዕቃው ይኑር ይጉደል አላረጋገጠም፣ ስለዚህ «ሊያስከትል የሚችለው» ይላል። ስህተት አግኝቶ አስተዳደሩ አላርምም ቢለው ኖሮ «ካስከተለው ውጤት በስተቀር» ብቻ ይል ነበር። ለቦርዱ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አንዱ «ማስረጃ አጣሁ» ሲል ሌላው «ቁጥሩ ተሳስቷል» ይላል።

ቦርዱ ምን ይረዳ? በመጋዘን አለ የተባለው ዕቃ 8 ሚሊዮን ነው እንበል፣ ትክክለኛው ግን 7 ሆኖ ቢገኝ የዓመቱ ትርፍ ከግብር በፊት በ1 ሚሊዮን ያንሳል። የዘንድሮው መዝጊያ የመጪው ዓመት መክፈቻ ስለሆነ ጥያቄው ወደሚቀጥለው ሪፖርትም ሊሻገር ይችላል። ችግሩ ግን ጉልህ ቢሆንም መላ ሂሳቡን አላዳረሰም። ቢያዳርስ ኦዲተሩ ጭራሽ አስተያየት መስጠት አልችልም ይል ነበር፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በነገራችን ላይ አንኳሊፋይድም ቢሆን ሌብነት የለም፣ ድርጅቱ አትራፊ ነው የሚል ዋስትና አይደለም።

የብድር ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። አንዳንድ አበዳሪ ነቀፌታ የሌለበት ሪፖርት እንዲቀርብለት በውል ያስገባል፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ኳሊፋይድ ሪፖርት የውል ጥሰት ሊሆን ይችላል፣ ቦርዱም ይህን ከባንኩ ደብዳቤ ሳይሆን ከእናንተ መስማት አለበት። ኦዲተሩንም ጥሩት፦ አሁን በአንተ ፊት ቆጥረን፣ ከዓመቱ መጨረሻ ወዲህ የገባና የወጣውን አስልተን ወደ ኋላ ብንመለስ ይበቃሃል ወይ?

ማለሳለሱን በተመለከተ፣ አስተያየቱ የፈረመው ሰው ነው፤ አንተም ሥራ አስኪያጁም ልትነኩት አትችሉም። ቦርዱ በተለሳለሰ ጽሑፍ ተመርቶ ትርፍ ቢያከፋፍል ወይም ቢበደር፣ ጽሑፉን ማን አዘጋጀው ተብሎ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ትርጉሙን ከተፈረመው ዋናው ጋር አያይዝ፣ ልዩነት ከተገኘ ዋናው እንደሚጸና ከግርጌው ጻፍ። ሥራ አስኪያጁ ማብራሪያ ካለው በሌላ ወረቀት፣ በራሱ ስምና ፊርማ ያቅርብ።