ውሃ ላይ ያለፈ ኪት ሴረም ላይ ሲወድቅ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሀዋሳ በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። አዲስ የክሪያቲኒን ኪት ልናስገባ ነው፤ ዘዴው ጃፌ ነው። ኮንትሮሉን በአንድ ጠዋት 20 ጊዜ አስኬድኩ። ሲቪው 2 በመቶ ሆነ፣ ውጤቱም ወረቀቱ ከሚለው ክልል አልወጣም። ስታንዳርዱን በተጣራ ውሃ አቅጥኜ ሊኒያሪቲ ሠራሁ፣ R 0.999 መጣ። ውሃ ሳስኬድ 0.00 ስለሚያነብ የመለየት ወሰኑን ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ካለ ላቦራቶሪ ጋር ስናወዳድር ግን የእኛ ይበልጣል። የእነሱ 0.3፣ 0.9፣ 1.1፣ 3.0 እና 6.0 ሲሆን የእኛ 0.6፣ 1.2፣ 1.4፣ 3.2 እና 6.3 ነው። ኪቱን ያመጣልን ሰው መጥቶ ፋክተሩን ቀነሰው። 1.1 የነበረው ልክ መጣ፣ 6.0 የነበረው ግን 4.9 ሆነ፣ ከፍተኛው ኮንትሮልም ወደቀ። የፒክሪክ ጠርሙሱ ክዳን ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር ደርቋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ያንን ክዳን በጉልበት እንዳታዞሪው። ፒክሪክ አሲድ እርጥብ እያለ በቀላሉ አይፈነዳም፤ ከደረቀ ግን ፈንጂ ነው። መተሻሸት ብቻ ሊያስነሳው ይችላል። ቢጫው ነገር ስስ እድፍ ከሆነ ውሃ በጠገበ ጨርቅ ጠቅልለሽ በደንብ እስኪርስ ተዪው። በቢላ ወይም በብረት ነገር አትፋቂው። ክሪስታል የሠራ ወፍራም ቅርፊት ካየሽ ግን ጠርሙሱን አትንኪው፣ ሰው አታስጠጊ፣ ለኃላፊው አሳውቂ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ እጅሽም ደህና ነው። ያ ትርፍ የሚመጣው ከሴረሙ ነው። አዲስ አበባ ደውዪና በምን ዘዴ እንደሚሠሩ ጠይቂ። ኢንዛይማቲክ ወይም ትርፉን የሚቀንሰው የተካካሰ ጃፌ ነው ቢሉሽ አይግረምሽ።

እንዲህ ያልኩት ልዩነቱን አይቼ ነው። 0.3 ላይ 0.3 ጨመረ። 6.0 ላይም 0.3 ጨመረ። ናሙናው ሃያ እጥፍ ሲያድግ ትርፉ ካለበት አልተነቃነቀም። ስታንዳርዱ ተበላሽቶ ወይም ፒፔትሽ አጉድሎ ቢሆን ትርፉ ከውጤቱ ጋር አብሮ ባደገ ነበር።

ገበያ ላይ ባዶ ሳህኑ 100 ግራም የሚያነብ ሚዛን አስቢ። ግማሽ ኪሎ ቡና ብትመዝኚበትም አሥር ኪሎ ብትመዝኚበትም ትርፉ ያው 100 ግራም ነው። ግማሽ ኪሎ ላይ ትልቅ ስህተት ነው፣ አሥር ኪሎ ላይ ግን አይታይም። ጃፌ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ክሪያቲኒን በአልካላይን ውስጥ ከፒክሬት ጋር ሲገናኝ ብርቱካናማ ቀለም ይሰጣል። ችግሩ ከፒክሬት ጋር ቀለም የሚሠራው ክሪያቲኒን ብቻ አለመሆኑ ነው። በሴረም ውስጥ ያለው ፕሮቲንም ትንሽ ቀለም ያወጣል፣ ማሽኑም እንደ ክሪያቲኒን ይቆጥረዋል። መጠኑ በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። አንቺ ያገኘሽው ልክ ይህንኑ ነው። ፕሮቲን በአብዛኛው ሰው ሴረም ውስጥ በተቀራራቢ መጠን ስላለ ትርፉም ይቀራረባል።

ታዲያ ቀደም ብለሽ የሠራሻቸው ሙከራዎች ይህን ለምን አላዩትም? ኪቱ ውስጥ የመጣው ስታንዳርድ በውሃ የተሠራ ነው፤ ፕሮቲን የለውም። ሊኒያሪቲውን የሠራሽውም እሱኑ በውሃ አቅጥነሽ ነው፤ እዚያም ፕሮቲን የለም። ዜሮ ያነበበው ውሃ ነው፤ አሁንም ፕሮቲን የለም። ኮንትሮሉ ሴረም ነው፣ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክልል ለጃፌ የተሰጠ ነው። ትርፉ ቀድሞ ተቆጥሮ ክልሉ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ሁሉም አለፉ፣ የታካሚው ናሙና ብቻ እውነቱን ተናገረ። R 0.999 የሚነግርሽ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው መሰለፋቸውን ነው። መስመሩ ከትክክለኛው ቦታ 0.3 ከፍ ብሎ ቢሰመርም R ያው 0.999 ነው።

ፋክተሩን የነካው ሰው ሥራ ያበሳጫል። በየቦታው የማየው ነገር ነው፦ ኮንትሮል ወይም አንድ ናሙና አልመጣ ሲል ፋክተሩን ጎተት አድርጎ ማስተካከል። ፋክተር ያባዛል እንጂ አይቀንስም። እሱ ሁሉንም በ0.78 ገደማ አባዝቶታል። 1.4 የነበረው 1.1 ሆነና ደስ አለው። 6.3 የነበረው ግን 4.9 ሆነ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው የተሻለው መሰለ። ዝቅተኛው 0.6 ደግሞ ወደ 0.47 ነው የወረደው፤ ትክክለኛው 0.3 ነበር፣ አሁንም አልደረሰም። ፋክተሩን አጥፊና በኪቱ መመሪያ መሠረት እንደገና ካሊብሬት አድርጊ። በመዝገቡም ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ጻፊ።

ግምቴን ከማመንሽ በፊት ግን አረጋግጪው። የተረፉ የታካሚ ሴረሞችን ቀላቅለሽ አንድ ፑል አዘጋጂ። በአንዱ ቱቦ 0.9 ሚሊሊትር ፑል ከ0.1 ሚሊሊትር ውሃ ጋር፣ በሌላው 0.9 ሚሊሊትር ፑል ከ0.1 ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም በዴሲሊትር ክሪያቲኒን ጋር አድርጊ። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ አስኪጂ። የጨመርሽው 2.0 ነው። የመጀመሪያው 1.03፣ ሁለተኛው 3.05 ቢመጣ ልዩነቱ 2.02 ነው፤ 101 በመቶ ተመልሷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ኪቱ ክሪያቲኒንን በትክክል ይቆጥራል፣ ስህተቱም ያ ቋሚ ትርፍ ብቻ ነው። 80 ወይም 120 በመቶ ከመጣ ግን ግምቴ አይሠራም፤ ወደ ስታንዳርዱና ወደ ፒፔቱ ተመለሺ። ርካሽ ቲፕ ስንት ሥራ እንዳበላሸ አይቻለሁ። ከፒፔቱ ጫፍ ጋር በደንብ የማይገጥም ቲፕ በየጊዜው የተለያየ መጠን ይስባል፣ ሰው ግን ሪኤጀንቱን ይከሳል። ውሃ በሚዛን ላይ እየጣልሽ ፒፔቱን ፈትሺው፤ 100 ማይክሮሊትር 0.1 ግራም ገደማ መመዘን አለበት።

ትርፉ ያን ያህል ያሳስባል ወይ ካልሽ፣ በአሜሪካው የላቦራቶሪ ደንብ በክሊያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ለክሪያቲኒን የሚፈቀደው ስህተት 0.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም 10 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል። በዝቅተኛዎቹ ውጤቶች ላይ የአንቺ ትርፍ ብቻውን ያንን ጨርሶታል። ሐኪሙ ዘንድ ምን እንደሚሆን ደግሞ እዪው። የ40 ዓመት ሴት ክሪያቲኒኗ 0.9 ሲሆን በ2021ዱ የሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር የኩላሊት ማጣሪያዋ 83 ገደማ ይመጣል። 1.2 ብለሽ ብትሰጫት 59 ይሆናል። ጤነኛዋ ሴት ከ60 በታች ወርዳ የኩላሊት ታማሚ ተብላ ትመላለሳለች።

መፍትሔው የካሊብሬሽን ጉዳይ ነው። የኪቱን መመሪያ ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቢ። አንዳንድ አምራቾች የተካካሰ አሠራር ይሰጣሉ፤ በሴረም የተሠራ ካሊብሬተር፣ ወይም 0.3 የሚቀንስ ማስተካከያ። ካለው በዚያ ካሊብሬት አድርጊና ሁሉንም እንደገና ሥሪ። ወረቀቱ የማይለውን ቅነሳ ግን ከራስሽ አትጨምሪ። የአምራቹን አሠራር ከቀየርሽ ነገሩ ቬሪፊኬሽን መሆኑ ይቀራል፣ ሙሉ ቫሊዴሽን ይሆንብሻል። የተካካሰ አሠራር ከሌለው ኪቱን መልሺ። ኢንዛይማቲኩ ይወደዳል፣ ግን ሕፃናት የምታዩ ከሆነ ለእኔ ምርጫው እሱ ነው።

እንደገና ስትሠሪ ፕሪሲዥኑን በአንድ ጠዋት አትጨርሺው። የኢፒ15 አሠራር አምስት ቀን፣ በየቀኑ አምስት ጊዜ፣ በሁለት ደረጃ ኮንትሮል ነው። ጃፌ ቋሚ ሙቀትና በትክክል የተለካ ጊዜ ይፈልጋል። የሀዋሳ የቀትር ሙቀት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ገና 37 ዲግሪ ያልደረሰ ማሽን፣ ትናንት የተቀላቀለ ሪኤጀንት፤ እነዚህ የሚታዩት በቀናት መካከል ነው። በአንድ ጠዋት 2 በመቶ የነበረው ሲቪ በአምስት ቀን 4 ቢሆን አትደንግጪ፤ አምራቹ ከጻፈው ጋር አወዳድሪው።

ሊኒያሪቲውን በሴረም ሥሪ። ከፍተኛ የታካሚ ሴረም ፈልጊ፣ ለምሳሌ 10.0፣ ዝቅተኛ ደግሞ 0.8። በሦስት ለአንድ፣ በእኩል፣ በአንድ ለሦስት ስትቀላቅያቸው 7.7፣ 5.4 እና 3.1 ይጠበቃል። R ትተሽ እያንዳንዱ ከሚጠበቀው በስንት እንደራቀ ተመልከቺ።

የመለየት ወሰን ዜሮ አይሆንም። ብዙ ማሽን ከዜሮ በታች የወረደውን ሁሉ 0.00 ብሎ ነው የሚያትመው፣ ስለዚህ መዋዠቁ ተደብቆብሻል። አብዞርባንሱን አውጪና ራስሽ አስዪው። ብላንክ 20 ጊዜ፣ በጣም ዝቅተኛ ናሙና 20 ጊዜ አስኪጂ። የብላንኩ አማካይ 0.03፣ ኤስዲው 0.02 ከሆነ፦

```
LoB = 0.03 + 1.645 × 0.02 = 0.063
LoD = 0.063 + 1.645 × 0.03 = 0.11
```

LoB የብላንኩ ወሰን፣ LoD ደግሞ የመለየት ወሰኑ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው 0.03 የዝቅተኛው ናሙና ኤስዲ ነው። ለአዋቂ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ክሪያቲኒኑ 0.3 ለሆነ ሕፃን ግን ትልቅ ነገር ነው።

ንጽጽሩን ቢያንስ በ20፣ ከተቻለ በ40 ናሙና አድርጊው። ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ይበታተኑ። ሴረሙን ከደሙ ለይተሽ፣ በበረዶ ዕቃ አድርገሽ ላኪ። ቢጫ የሆኑትን ለይተሽ መዝግቢ፤ ቢሊሩቢን ጃፌን ወደ ታች ይጎትታል፣ ትርፉንም ሊሸፍንብሽ ይችላል። ትርፉ ጠፍቶ ልዩነቶቹ በዜሮ ግራና ቀኝ ሲበተኑ ኪቱን አስገቢ። ያን ቀን ለሐኪሞቹ ዘዴው መቀየሩን በጽሑፍ ንገሪ። በክትትል ላይ ያሉ የኩላሊት ታካሚዎችን የድሮ ውጤት ከአዲሱ ጋር እንዳያያይዙት፣ አዲስ መነሻ እንዲወስዱ።

ይህን ሁሉ ስታስኬጂ ብዙ የፒክሪክ ዝቃጭ ይወጣል። የብረት ማጠቢያ ውስጥ አትድፊው፤ ከቧንቧው ብረት ጋር የባሰ ፈንጂ ጨው ይሠራል። ውሃ ባለበት የፕላስቲክ ጀሪካን ሰብስቢው፣ እንዳይደርቅ እያየሽ። ሪኤጀንት በቀዳሽ ቁጥር የጠርሙሱን አፍና ክዳን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁንም እርጥብ እንዳለ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምሪው።